ከመሬት ደብተር ላይ ምን ይቆረጥ?

በምዕራብ ኦሞ ዞን ቱም ከተማ ዙሪያ፣ እንዲሁም በሚዛንና በቴፒ የቡና አገር፣ ሰነድ ማስነበብ የቆየ ጉዳይ ነው። ድሮ ደብዳቤና ውል ለማስነበብ ጸሐፊ ወይም የተማረ የጎረቤት ልጅ ይፈለግ ነበር። አሁን ስልክ ያለው ወጣት ሰነዱን ፎቶ አንስቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይልከዋል። መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ ፎቶው ግን ከላኪው እጅ ወጥቷል።

በቱም አካባቢ ከሚነሡት ፎቶዎች ሁሉ ብዙ ምስጢር የሚያወጣው የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተለያዩ ክልሎች የተሰጠው ይህ ደብተር የባለይዞታውን ስም፣ በብዙ ቦታ ደግሞ የባልና የሚስትን ፎቶ ይይዛል። የማሳው ስፋትና የሚገኝበት ቀበሌም ተጽፎበታል። ከዚህ ሌላ በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ የሚያዋስኑት ሰዎች ስም አለበት። ገጠር ውስጥ የቤት ቁጥር የተለመደ አይደለም፤ አድራሻውን የሚተካው የአዋሳኞቹ ስም ነው። ስለዚህ የራሱን ስም ቆርጦ አዋሳኞቹን የተወ ሰው አድራሻውን እንዳለ ሰጥቷል። ጎረቤቶቹንም ሳያማክር አብሮ ልኳቸዋል።

የፋይዳ ካርድም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ 12 አሃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጣል። ይህ ቁጥር እንደ ይለፍ ቃል በፈለጉ ጊዜ የሚቀየር አይደለም። አንዳንድ ሰው ፊቱንና ቁጥሩን ይሸፍንና በካርዱ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ይተወዋል። ኮዱ ግን በማሽን እንዲነበብ የተሠራ የካርዱ መረጃ ነውና ከቁጥሩ ጋር መሸፈን አለበት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ገበሬ ልጅ ከአዋሳኝ ጋር ለተነሣ የድንበር ክርክር ለወረዳው መሬት አስተዳደር ማመልከቻ ሊጽፍ ፈልጎ ደብተሩን ፎቶ ያነሣል እንበል። አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ማመልከቻውን ለማርቀቅ ከደብተሩ ምን ያስፈልገኛል የሚለውን ነው። የባለይዞታው መብትና ግዴታ የታተመበት ገጽ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ገጽ ላይ ስም ከሌለ እሱን ብቻ ማንሣት ይችላል። ስፋቱን በጽሑፍ ይገልጻል፤ አዋሳኙንም «በምሥራቅ በኩል ያለው ጎረቤት» ይለዋል። እውነተኛዎቹን ስሞች ማመልከቻው በእጁ ከገባ በኋላ ራሱ ይሞላቸዋል። ስም ያለበት ገጽ የግድ ካስፈለገ ከማንሣቱ በፊት ባዶ ወረቀት ይደርብበታል። ካሜራው ያላየው ነገር በፋይሉ ውስጥ አይኖርም።

ፎቶው አስቀድሞ ተነሥቶ ከሆነ መቁረጡ የራሱ ወጥመድ አለው። በ2015 ዓ.ም. (መጋቢት 2023 እ.ኤ.አ.) ሲሞን አሮንስና ዴቪድ ቡካናን የተባሉ ባለሙያዎች የጉግል ፒክስል ስልኮች የምስል ማረሚያ እንከን እንዳለው አጋለጡ። በመሣሪያው ተቆርጠው የተቀመጡ የስክሪን ምስሎች የተቆረጠውን ክፍል በፋይሉ መጨረሻ ላይ ይዘው ስለሚቀሩ ከፊሉን መልሶ ማውጣት ይቻል ነበር። በዊንዶውስ የስክሪን መቁረጫ ላይም ተመሳሳይ ችግር ተገኘ። ሁለቱም ተስተካክለዋል፤ ከዚያ በፊት ተቆርጠው የተላኩት ምስሎች ግን እንደነበሩ ናቸው።

ሌላው ወጥመድ በጥቁር ማቅለሚያ ማጥፋት ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ማቅለሚያ ከሆነ የምስሉ ብርሃን ሲጨመር ከሥሩ ያለው ቁጥር ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የተደፈነ አራት ማዕዘን መጠቀም ይሻላል። ከዚያም የተሸፈነውን ምስል በስልኩ ስክሪን ሞልቶ ከፍቶ አዲስ የስክሪን ምስል ማንሣትና እሱን ሳይቆርጡ መላክ ነው። እንዲህ ሲደረግ ካሜራው በመጀመሪያው ፋይል ውስጥ የመዘገበው የቦታ መጠቆሚያም ወደ አዲሱ ምስል አይገባም። የካሜራው የቦታ ምዝገባ ካልጠፋ፣ ማሳው ላይ የተነሣ የቡና ቅጠል ፎቶ እንኳ የእርሻውን መገኛ ሊይዝ ይችላል። ከመላክ በፊት ምስሉን አጉልቶ ጠርዞቹን፣ ማኅተሙንና ፊርማውን ማየት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። ጉግል በጀሚናይ መገልገያው የሚደረጉ ንግግሮችን ከፊሉን ሰዎች እንደሚያዩዋቸው በግልጽ ይናገራል። እንዲህ የታዩት ተጠቃሚው ታሪኩን ቢሰርዝም እስከ 3 ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ኩባንያው ራሱ ምስጢር አታስገቡ ሲል ያስጠነቅቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዜጎች መብት ሰጥቷል። ይሁንና ከቱም የተላከ ፎቶ ውጭ አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ካረፈ በኋላ ያን መብት ማስከበር ለአንድ ገበሬ ቀላል አይሆንም። ሳይሸፍን የላከ ሰው ንግግሩን ይሰርዝ፤ በቅንብሩ ውስጥ ንግግሮች ለሥልጠና እንዲውሉ የሚፈቅደውንም ያጥፋ። ስማቸው አብሮ ለሄደባቸው አዋሳኞቹም ይንገራቸው፤ የተላከው የእነሱም መረጃ ነውና።