ከተደበላለቀ አስተያየት ውስጥ ክርክሩን ነቅሶ ማውጣት፦ በራያ ቆላ በዓላት እንደ ምሳሌ

ስለ በዓላትና ስለ ድህነት የሚሰነዘር አስተያየት ብዙ ጊዜ ቁጣና እውነት ተቀላቅለውበት ይመጣል። ብዙዎቻችን የምንመልሰው ለቁጣው ነው፤ ክርክሩ ግን ሳይነካ ይቀራል። ዛሬ አንድ እንዲህ ያለ አስተያየት ወስደን ነጥብ በነጥብ እንለየዋለን። አንቀጹን ለምሳሌ ያህል እኛው አዘጋጅተነዋል፤ ሐሳቡ ግን ለምእመናን አዲስ አይደለም።

«የቆቦ ገበሬ ለምን ይራባል? መሬቱ ለም ነው፤ ይህን ማን ይክዳል! ግን የወሩ እኩሌታ በዓል ነው። ሚካኤል ነው፣ ማርያም ነው፣ በዓለ ወልድ ነው እየተባለ በሬው ሳይጠመድ ይውላል። የቆላው ዝናብ ደግሞ አንዴ ጥሎ ይጠፋል፤ ማንንም አይጠብቅም። ዓለም ሌት ተቀን ይሠራል፣ እኛ ቁጭ ብለን እንራባለን። ቤተ ክርስቲያን ወርኃዊ በዓላትን ትቀንስ!»

አስቀድመን ድምዳሜውን እንፈልጋለን፦ ጸሐፊው በመጨረሻ እንድንቀበለው የሚሻው ምንድን ነው? የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። ቀጥሎ ጥያቄውንና ቃለ አጋኖውን ወደ ተራ ዐረፍተ ነገር እንመልሳለን። «ዓለም ሌት ተቀን ይሠራል» የሚለው ቢወጣ ክርክሩ ስለማይጎድል እንተወዋለን። «መሬቱ ለም ነው» የሚለው ግን ሥራ አለው፤ ረሃቡ ከመሬቱ አልመጣም ለማለት ገብቷል።

ከዚያም በየእርከኑ «ይህ እንዲከተል ሌላ ምን እውነት መሆን አለበት?» ብለን እንጠይቃለን። ያልተነገሩት ግምቶች በዚህ ይወጣሉ፦

1. የራያ ቆላ ዝናብ አጭርና ተቆራራጭ ነው።
2. ገበሬው በበዓላት ምክንያት ከወሩ ግማሽ ያህሉን አያርስም።
3. (ስውር) በበዓል ያልታረሰው በሌላ ቀን አይካካስም።
4. ስለዚህ (ከ1–3) በዓላት ምርትን ይቀንሳሉ።
5. መሬቱ ለም ነው።
6. (ስውር) ለረሃቡ ዋናው ምክንያት ይህ የምርት መቀነስ ነው።
7. (ስውር) ቤተ ክርስቲያን በዓላቱን ብትቀንስ ገበሬው ያርሳል።
8. (ስውር) የሚገኘው ምርት በበዓሉ ከሚቀረው መንፈሳዊ ጥቅም ይበልጣል።
ድምዳሜ፦ ቤተ ክርስቲያን ወርኃዊ በዓላትን ልትቀንስ ይገባል።

ስውሩን ግምት እኛ እንዳልፈጠርነው የምናውቀው ተቃራኒውን በማሰብ ነው። ገበሬው በዓሉ ቢቀነስም የማያርስ ከሆነ ድምዳሜው ይወድቃል፤ ስለዚህ 7ኛው ለክርክሩ የግድ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ግን መጫን አይገባም። «ጸሐፊው በዓል ሁሉ ይጥፋ ይላል» ብንል ያላለውን አልን ማለት ነው። ጸሐፊው ዝርዝሩን ቢያነብ «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» ማለት አለበት።

አሁን እያንዳንዱን መመዘን ይቻላል። 2ኛው በመቁጠር ይፈተናል። ቅዳሜና እሑድ በወር ስምንት ያህል ናቸው፤ 5፣ 7፣ 12፣ 19፣ 21፣ 23፣ 27 እና 29 ሲጨመሩ የተደራረቡት ተቀንሰው 14 ቀን ገደማ ይሆናል። ሁሉንም ለሚያከብር ገበሬ እንግዲህ አባባሉ ከእውነት አይርቅም፤ ሁሉም ግን ሁሉንም አያከብርም።

6ኛው ደካማ ነው። የራያ ቆላ ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውን የሚያጠጣው ውኃ ስለሚያጥረው ነው። በ1977 ዓ.ም. ወሎን ያስራበው ድርቅ ከጦርነት ጋር ተደምሮ እንጂ በበዓል ብዛት አልነበረም። ዝናብ ከቀረ የታረሰ ማሳም አያበቅልም።

7ኛው ደግሞ ሥርዓትንና ልማድን ያደባልቃል። ዘጠኙ ዐበይትና ዘጠኙ ንኡሳን የጌታ በዓላት ተለይተው የታወቁ ናቸው። ወርኃዊ በዓላትን በተመለከተ ግን ከማረስ የሚታቀቡበት ቀን እንደ አጥቢያው ይለያያል፤ በዚያው ቀን አጥር የሚያጥርና ገበያ የሚወጣም አለ። ገበሬውን የሚከለክለው «በረዶ ታስወርድብናለህ» የሚል ጎረቤት ከሆነ፣ የቤተ ክርስቲያን ውሳኔ ብቻ በሬውን አያስጠምድም።

3ኛው ላይ ግን ጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ አለው። በቆላው ፀሐይ ከዝናብ በኋላ የአፈሩ እርጥበት ቶሎ ያልፋል፤ የዘር ቀን ካመለጠ በእርግጥ አይመለስም። ስለዚህ ከክርክሩ የሚተርፈው ጠበብ ያለ ጥያቄ ነው፦ የዘር እርጥበት በወርኃዊ በዓል ቀን ሲገኝ ገበሬው ምን ያድርግ? ይህ ለአጥቢያ ካህናትና ለንስሐ አባት የሚቀርብ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ «በዓል ይቀነስ» በሚለው ጩኸት ውስጥ ግን አይሰማም ነበር።

የእኛም መልስ በዚሁ ሚዛን መቀመጥ አለበት። «በዓላት ከአበው የተቀበልናቸው ናቸው፤ ስለዚህ ገበሬውን አይጎዱም» ስንል፣ ከአበው የተቀበልነው ሁሉ በአፈጻጸሙ ማንንም አይጎዳም የሚል ስውር ግምት ይዘናል። ይህንም አውጥተን ብንጽፈው፣ መመርመር ያለበት እርሱ መሆኑን እናያለን።