የ24 ዓመቷ ነፍሰ ጡርና አራቱ ምርጫዎች

የሕክምና ተማሪዎች ፈተና ላይ መልኩን እየቀያየረ የሚመጣ ጥያቄ አለ። አንዲት የ24 ዓመት ነፍሰ ጡር ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ዳገት መውጣት ቀርቶ በጀርባዋ ጋደም ስትል እንኳ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ በግራ ጎኗ አስተኝቶ፣ የማዳመጫውን ጎድጓዳ ወገን ከግራ ጡቷ ሥር፣ የልብ ጫፍ ላይ ያሳርፋል። የመጀመሪያው የልብ ድምፅ ጎላ ብሏል። ከሁለተኛው በኋላ አጭር ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ከዚያም ወፍራም ጉርምርምታ ይሰማል። የታመመው ቫልቭ የቱ ነው? ሀ) የጠበበ አኦርታ፣ ለ) የሚያፈስ ማይትራል፣ ሐ) የጠበበ ማይትራል፣ መ) የሚያፈስ አኦርታ።

ብዙው ተማሪ ድምፁ የት እንደተሰማ ያያል። የልብ ጫፍ ማይትራልን ይጠቁማል፤ ግን ጠቦ ነው ወይስ ያፈሳል የሚለውን አይለይም። መቅደም ያለበት መቼ ተሰማ የሚለው ነው። ሐኪሙ እያዳመጠ አንገቷ ላይ ያለውን የደም ሥር በጣቱ ይዳስሳል። ድምፁ ከትርታው ጋር አብሮ ቢመጣ ኖሮ ልብ ስትጨመቅ የሚሰማ ስለሆነ ሀ ወይም ለ ይሆን ነበር። እዚህ ግን የመጣው ልብ ስትላላ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ወደቁ። የሚያፈስ አኦርታ ደግሞ ሁለተኛውን ድምፅ ተከትሎ ወዲያው የሚጀምር፣ እንደ ትንፋሽ ቀጭን ድምፅ አለው፤ ደህና የሚሰማውም በሽተኛዋ ተቀምጣ ወደ ፊት ስታዘነብል፣ ከደረት አጥንቱ ግራ በኩል ነው። መልሱ ሐ ነው።

ማይትራል በግራው የልብ ክፍል ላይኛውና ታችኛው ጓዳ መካከል ያለ በር ነው። ጤነኛው ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ 1.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ከባድ ጥበት ይባላል። በአገራችን ዋናው መንስኤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ የቫልቩን ቅጠሎች ጠባሳ አድርጎ ያጣብቃቸዋል። ቀጭ የሚለው የደረቁት ቅጠሎች ሲከፈቱ ድንገት ሲገቱ ነው፤ ጉርምርምታው በጠባቡ ቀዳዳ የሚጋፋው ደም ነው። እርግዝና የደሙን መጠንና የልብን ፍጥነት ይጨምራል። ልብ በፈጠነች ቁጥር የመላላቷ ጊዜ ያጥራል፤ ደሙ ሳያልፍ ወደ ሳንባ ይጠራቀማል። እስከዚያ ድረስ ምንም ያልተሰማት ሴት በሽታዋን በእርግዝና የምታውቀው ለዚህ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ተከታዩ ወጥመድ ነው፤ የድምፁ ጉላት የበሽታውን ክብደት አይናገርም። ክብደቱን የሚናገረው ጉርምርምታው የቆየበት ጊዜና ቀጭታው ለሁለተኛው ድምፅ ያለው ቅርበት ነው። በጣም ጠቦ የሚያልፈው ደም ሲያንስ ጭራሽ ላይሰማም ይችላል፤ ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድ የግድ ነው። ሕክምናውም ከዚሁ ይነሳል፦ የልብን ፍጥነት የሚቀንስ መድኃኒት ለደሙ ማለፊያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ያ ካልበቃና ቫልቩ ከተመቸ፣ በደም ሥር በሚገባ ፊኛ ይሰፋል።