ሮስተር የሠራች መምህርት ለቢሮ ሥራ ስታመለክት

ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማረች መምህርት ለቢሮ አስተዳደር ሥራ ስታመለክት፣ ሲቪዋ ላይ «አስተምሬያለሁ፣ ፈተና አርሜያለሁ» ብቻ ካለች ቀጣሪው የሚያየው አስተማሪ ነው። እሷ ግን የክፍል ኃላፊም ነበረች፤ የ60 ተማሪዎችን ውጤት ከየመምህሩ ሰብስባና አመሳክራ ሮስተሩን በጊዜው ታስረክብ ነበር፤ የወላጆች ስብሰባ ጠርታ ቃለ ጉባኤ ትይዝ ነበር። ይህ የመዝገብና የመረጃ አያያዝ ሥራ ነው። በዚሁ ስሙ ይጻፍ፤ ቁጥሩም አይቅር። የሥራ መደቧን ግን «የቢሮ አስተዳዳሪ» ብላ ብትቀይረው ከማስረጃዋ ጋር ይጋጫል።

በእኔ እይታ ትልቁ እንቅፋት ሲቪው ሳይሆን የሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው። ትምህርት ቤቱ «በመምህርነት አገልግላለች» ብሎ በአንድ መስመር ከዘጋው፣ «አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ይዞ የሚያጣራ የሰው ኃይል ባለሙያ ሌላውን ሳያነብ ሊጥላት ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤውን ስትጠይቅ የክፍል ኃላፊነቷና የኮሚቴ ጸሐፊነቷ ከነጊዜው እንዲካተቱ በማመልከቻ ታሳውቅ። የምደባ ደብዳቤ በእጇ ካለ ኮፒውን ታያይዝ። እንዲህም ሆኖ ተደራቢ ኃላፊነትን እንደ ሙሉ ልምድ የማይቆጥር መሥሪያ ቤት ሊያጋጥማት ይችላል፤ እዚያ ከመከራከር በዜሮ ዓመት የሚቀጥር መደብ መፈለግ ይቀላል።