አንድ ሴንት የጎደለበት ኢንቮይስ

ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያን ቅመማ ቅመምና የቤት ዕቃ ለምግብ ቤቶች የሚያከፋፍል አነስተኛ ሱቅ አለ እንበል። ማይንዝ ያለ አንድ ምግብ ቤት በኢንተርኔት ሦስት ከረጢት በርበሬ፣ አምስት ከረጢት ሽሮ፣ አራት ፓኮ ቡናና ስምንት ጀበና አዘዘ። ትዕዛዙ ዳታቤዝ ውስጥ ተመዝግቧል፣ ዕቃውም ተጭኗል። አሁን ሱቁ ለምግብ ቤቱ ሒሳብ ሹም በፒዲኤፍ ኢንቮይስ መላክ አለበት። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ዋጋውን መደመር፣ ታክሱን ማስላት፣ ማተም። ይህን የሚሠራ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን ብዙ ጊዜውን የሚያጠፋው በገጹ አቀማመጥ ላይ አይደለም። ፈተናው የሚጀምረው ከመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ነው።

በጀርመን የተጨማሪ እሴት ታክስ ሁለት ዋና መጣኔ አለው። ምግብ፣ ቅመምና የቡና ፍሬ 7 በመቶ ይከፈልባቸዋል፤ ጀበና ግን ሸክላ ስለሆነ 19 በመቶ ነው። ስለዚህ አንድ ትዕዛዝ በኢንቮይሱ ላይ ሁለት የታክስ መስመር ይፈልጋል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ታክሱ የተሰላበት ገንዘብ፣ መጣኔውና የታክሱ ልክ መታየት አለባቸው። «ታክስ፦ ይህን ያህል ዩሮ» ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቅለል አይበቃም።

ስሌቱን ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ እንየው። በርበሬው 3 በ12.45 ተባዝቶ 37.35 ዩሮ ይሆናል። ሽሮው 5 በ6.44 ተባዝቶ 32.20፣ ቡናው 4 በ8.80 ተባዝቶ 35.20 ነው። ሦስቱ በ7 በመቶ ስር የሚገቡ ሲሆኑ ድምራቸው 104.75 ይመጣል። ጀበናው 8 በ18.50፣ ማለትም 148.00 ዩሮ ሆኖ ለብቻው በ19 በመቶ ስር ይቀመጣል።

አሁን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በየዕቃው ታክስ አስልቶ፣ ወደ ሴንት አጠጋግቶ፣ ከዚያ መደመር ነው። የበርበሬው ታክስ 2.6145 ነው፤ ሲጠጋጋ 2.61 ይሆናል። የሽሮው 2.254 ወደ 2.25፣ የቡናው 2.464 ወደ 2.46 ይወርዳሉ። ድምሩ 7.32 ዩሮ ነው። ሁለተኛው መንገድ አንድ መጣኔ ያላቸውን ዕቃዎች አስቀድሞ ደምሮ ታክሱን አንድ ጊዜ ብቻ ማስላት ነው፤ 104.75 በ0.07 ሲባዛ 7.3325 ይመጣል፣ ሲጠጋጋም 7.33 ይሆናል።

የአንድ ሴንት ልዩነት ተፈጠረ። በመጀመሪያው መንገድ ሦስቱም ዕቃዎች ከግማሽ ሴንት ያነሰ ትርፍ ስለነበራቸው ሁሉም ወደ ታች ተጠጋጉ፤ የተጣሉት ቁርጥራጮች ሲደመሩ ግን ከአንድ ሴንት በልጠዋል። የአውሮፓው የኤሌክትሮኒክ ኢንቮይስ ደረጃ፣ ኢኤን 16931፣ ሁለተኛውን መንገድ ይከተላል፤ ታክሱ ለየመጣኔው ከተደመረው ገንዘብ ላይ ይሰላል፣ ከዚያም ወደ ሁለት አኃዝ ይጠጋጋል። በዚህ መሠረት የጀበናው ታክስ 28.12፣ ጠቅላላ ታክሱ 35.45፣ ምግብ ቤቱ የሚከፍለው ደግሞ 252.75 ሲደመር 35.45፣ ማለትም 288.20 ዩሮ ነው። አንድ ሴንት ለማንም ኪሳራ አይሆንም። ነገር ግን ሱቁ የሚያሳየው 288.19፣ የምግብ ቤቱ የሒሳብ ፕሮግራም የሚያወጣው 288.20 ከሆነ ክፍያው ከኢንቮይሱ ጋር አይገጥምም፤ ሰው ተቀምጦ ልዩነቱን ማሳደድ ይኖርበታል። በወር መቶ ኢንቮይስ ላለው ሱቅ ይህ እውነተኛ ድካም ነው።

ሌላም የሴንት ሌባ አለ፤ እሱ የሚደበቀው ኮምፒውተሩ ራሱ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር የነጥብ ቁጥሮችን በተለመደው መንገድ ሲይዝ የሚጽፋቸው በዜሮና በአንድ ብቻ ስለሆነ እንደ 0.1 ያለውን ቁጥር በትክክል ሊይዘው አይችልም፤ በጣም ቅርብ የሆነውን ይይዛል። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ መልሱ 0.30000000000000004 ነው። 2.675ን ወደ ሁለት አኃዝ አጠጋጋ ቢሉት 2.68 ሳይሆን 2.67 ይሰጣል፤ ውስጡ የያዘው ቁጥር ከ2.675 በጥቂቱ ያንሳልና። ስለዚህ ገንዘብ በዚህ ዓይነት ቁጥር አይያዝም። ወይ ሁሉም ነገር በሙሉ ሴንት ይቆጠራል፣ ወይ ለአሥርዮሽ ስሌት የተዘጋጀው መሣሪያ ይወሰዳል፦

```python
from decimal import Decimal, ROUND_HALF_UP
net = Decimal("104.75")
tax = (net * Decimal("0.07")).quantize(
    Decimal("0.01"), rounding=ROUND_HALF_UP)
# 7.33
```

ቁጥሮቹ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የተጻፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ምልክቱ ቢቀር ፓይተን መጀመሪያ በዚያው በማይታመነው መንገድ ይይዛቸውና ስህተቱን ይዘው ይገባሉ። የመጨረሻው ቃል ደግሞ ግማሽ ሴንት ሲያጋጥም ወደ ላይ እንዲጠጋጋ በግልጽ ያዛል፤ ካልታዘዘ ይህ መሣሪያ ግማሹን ወደ ቅርቡ ተጋማሽ አኃዝ ነው የሚወስደው።

ከድምሩ ቀጥሎ የሚመጣው ተከታታይ ቁጥሩ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የተጨማሪ እሴት ታክስ መመሪያ፣ 2006/112፣ በአንቀጽ 226 እያንዳንዱ ኢንቮይስ ከሌላው የሚለየው ተከታታይ ቁጥር እንዲኖረው ይጠይቃል። ብዙ ጀማሪዎች የትዕዛዙን ቁጥር እንዳለ ይወስዳሉ። ይህ አያዋጣም፤ ትዕዛዝ ይሰረዛል፣ ሳይከፈል ይቀራል፣ ለሁለት ተከፍሎም ይላካል። የኢንቮይስ ቁጥር መሰጠት ያለበት ኢንቮይሱ በሚወጣበት ቅጽበት ነው።

እዚህም ላይ ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቁጥር አንብቦ አንድ ቢጨምርበት፣ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ሰከንድ ሲያዝዙ ሁለቱም 141ን አንብበው ሁለቱም 142ን ይጽፋሉ። ዳታቤዞች ለዚህ የራሳቸው ቁጥር አዳይ አላቸው፤ እሱ ድግግሞሽን ያስቀራል እንጂ ክፍተትን አይከለክልም። ፖስትግረስ በተባለው ዳታቤዝ አንድ ሥራ ተበላሽቶ ቢቀለበስ የወሰደው ቁጥር አብሮ አይመለስም፤ ከ142 በኋላ 144 ይመጣል። የጀርመን አስተዳደር ቁጥሮቹ ያለ ክፍተት እንዲከታተሉ በግድ አይጠይቅም፤ ዋናው አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ አለመሰጠቱ ነው። ያም ሆኖ 143 የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ መርማሪ ፊት መልስ ይዞ መቅረብ ይሻላል። ክፍተት የማይፈልግ ሱቅ ቆጣሪውን በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አስቀምጦ ቁጥሩን ከኢንቮይሱ ጋር በአንድ ላይ ይመዘግባል፦

```sql
BEGIN;
UPDATE counters SET last = last + 1
  WHERE series = '2026' RETURNING last;
-- INSERT INTO invoices ...
COMMIT;
```

ሁለተኛው ሠራተኛ የመጀመሪያው እስኪጨርስ ይጠብቃል። አንዱ ሥራ ቢከሽፍ ቆጣሪውም ወደ ነበረበት ይመለሳል። በተጨማሪም የኢንቮይስ ቁጥሩ ዓምድ ድግግሞሽ እንዳይቀበል በዳታቤዙ ውስጥ መከልከል አለበት፤ የፕሮግራሙ ጥንቃቄ ቢስት ዳታቤዙ ይይዘዋል።

ወጪ የሆነ ኢንቮይስ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አይነካም። ጀርመን በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 31፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ 19 በመቶውን ወደ 16፣ 7 በመቶውን ወደ 5 አውርዳ ነበር። መጣኔውን በአንድ የቅንብር ገጽ ላይ ብቻ የያዘ ፕሮግራም፣ ቅንብሩ በተለወጠበት ዕለት የድሮ ኢንቮይሶችን ዳግም ሲያትም በአዲሱ መጣኔ ያሰላቸዋል። የሰኔው ኢንቮይስ በነሐሴ ሲታተም ሌላ ድምር ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔው የዕቃውን ስም፣ ዋጋውን፣ መጣኔውን፣ የተጠጋጋውን ታክስና የደንበኛውን አድራሻ ኢንቮይሱ በወጣበት ጊዜ እንደነበሩ ቀድቶ ማስቀመጥ ነው። የትኛው መጣኔ እንደሚያዝ የሚወስነውም ዕቃው የተላከበት ቀን ነው፤ ደንበኛው ያዘዘበት ቀን አይደለም። ስህተት ከተገኘ የድሮው አይሰረዝም፣ አይታረምም። የራሱ ቁጥር ያለው፣ ገንዘቡን በመቀነስ ምልክት የሚያሳይ መሰረዣ ኢንቮይስ ይወጣና ትክክለኛው በሌላ አዲስ ቁጥር ይከተላል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፒዲኤፉን መሣል ቀላል ነው። ገጹ እንደ ድረ ገጽ ይጻፍና እንደ `weasyprint` ያለ ነጻ መሣሪያ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጠዋል። ለአማርኛ ጸሐፊ ግን አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። በፒዲኤፍ ደረጃ ውስጥ ከጥንት የተመደቡት 14 ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። «በርበሬ» በባዶ ሣጥኖች ተተክቶ ቢወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። እንደ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት ፋይሉ ውስጥ መከተት አለበት፤ አለበለዚያ በሠሪው ኮምፒውተር ላይ አምሮ የታየው በደንበኛው ዘንድ ይጠፋል። ረጅም ትዕዛዝ ወደ ሁለተኛ ገጽ ሲሻገር የሰንጠረዡ ርዕስ መደገም አለበት፤ የድምሩ ሣጥንም ለሁለት እንዳይሰነጠቅ ይታዘዛል። መሞከሪያው የአራት ዕቃ ትዕዛዝ አይሁን፤ አርባ ዕቃ ይሁን።

ፒዲኤፍ ራሱም በጀርመን ቦታው እየተለወጠ ነው። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ በአገር ውስጥ ድርጅቶች መካከል፣ ተራ ፒዲኤፍ «የኤሌክትሮኒክ ኢንቮይስ» ተብሎ አይቆጠርም፤ ኮምፒውተር የሚያነበው መረጃ ያስፈልጋል። በሽግግሩ ጊዜ እስከ 2026 መጨረሻ፣ በ2026 ሽያጫቸው ከ800,000 ዩሮ ላልበለጠ ደግሞ እስከ 2027 መጨረሻ፣ ተቀባዩ ከተስማማ በፒዲኤፍ መላክ ይቻላል። ሁለቱን የሚያስታርቀው `ZUGFeRD` የተባለው ቅርጽ ነው፤ ሰው የሚያየው ፒዲኤፍ በሆዱ ኮምፒውተር የሚያነበውን ፋይል ይይዛል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ ሚዛን የሚደፋው የውስጡ ፋይል ነው። ስለዚህ ሁለቱም ከአንድ የተመዘገበ ስሌት መቀዳት አለባቸው እንጂ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መደመር የለባቸውም።

አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ የታክስ መጣኔው 15 በመቶ ስለሆነ ስሌቱ ይቀልለዋል፤ የማጠጋጋቱና የቁጥሩ ጉዳይ ግን ያው ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የመጠቀም ግዴታ ያለበት ከሆነ በራሱ ኮምፒውተር ያዘጋጀው ፒዲኤፍ የመሣሪያውን ደረሰኝ አይተካም፤ ለዋጋ ማቅረቢያና ለክፍያ መጠየቂያ ግን ያገለግለዋል።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ ከመቀበሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ። ኢንቮይስ ያውጣና ያስቀምጥ፣ ከዚያ የዕቃውን ዋጋ፣ የታክስ መጣኔውንና የደንበኛውን አድራሻ ይለውጥ፣ ያንኑ ኢንቮይስ ዳግም ያትም። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ አኃዝ እንኳ ቢለያዩ ፕሮግራሙን አይረከብ።