ፎቶ ቤቱ «አጠፋሁት» ሲል ምን ማለቱ ነው?

በስድስት ኪሎ አካባቢ አነስተኛ ፎቶ ቤት ያለው አንድ ነጋዴ የምረቃ ፎቶ ለሚነሱ ደንበኞቹ ከደረሰኙ ጋር የአንድ ገጽ ደብዳቤ መስጠት ጀምሯል። የደብዳቤው ፍሬ ነገር እንዲህ ይነበባል፦

«ውድ ደንበኛችን፤ ፎቶዎ ከክፍል ጓደኞችዎ ፎቶ ጋር በአንድ ገበታ ላይ ይቀናበራል። ያለ ፈቃድዎ በሌላ ቅንብር ውስጥ አይገባም፤ በመስታወታችንም ሆነ በቴሌግራም ገጻችን ላይ አይወጣም። ሥራውን ከተረከቡ በኋላ ያልተመረጡት ፎቶዎች በ30 ቀን፣ የተመረጠው ፎቶና የቅንብሩ ፋይል ደግሞ በ6 ወር ይጠፋሉ።»

በፊልም ዘመን እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ አልነበረም። ደንበኛው የነጋቲቩን ቁጥር በደረሰኝ ይዞ ይሄዳል፤ ነጋቲቩ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ማሳጠብ ሲያስፈልግ ይፈለጋል። አንድ ነጋቲቭ ያለበት ቦታ አንድ ነው። የዛሬው ፋይል ግን ሥራው በገፋ ቁጥር ይባዛል።

ለምሳሌ 40 ተመራቂዎች ያሉትን ክፍል እንውሰድ። እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ቢነሳ 120 ፎቶ ይሆናል። ፎቶዎቹ መጀመሪያ በሜሞሪ ካርዱ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቀጥሎ ወደ ኮምፒዩተሩ፣ ለመጠባበቂያም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣሉ። ከዚያ 40ው ተመርጠው፣ ጀርባቸው ተቆርጦ፣ በስም ተራ በገበታው ላይ ይደረደራሉ። የተጠናቀቀው ሥራ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ነው። ስለዚህ ሥራው ሲያበቃ የአንዱ ተመራቂ ፊት ቢያንስ በአምስት ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው።

ብዙ ፎቶ ቤት የሚሳሳተው የቅንብሩን ፋይል በመርሳት ነው። በፎቶሾፕ የሚሠራው የ.psd ፋይል እያንዳንዱን ሰው በየራሱ ላየር ይይዛል። ጀርባው የተቆረጠ ቢመስልም፣ ቆራጩ በማስክ ከሠራው የተጋረደ እንጂ የተወገደ አይደለም፤ ጋረጃው ሲነሣ ሙሉው ፎቶ ተመልሶ ይታያል። ባለቤቱ የፎቶዎቹን ፎልደር አጥፍቶ ይህን ፋይል ካስቀረ ታዲያ 40ውንም ፎቶ አስቀምጧቸዋል። መለያው የፋይሉ መጠን ነው። ለሕትመት የተዘጋጀው ጠፍጣፋ .jpg ጥቂት አሥር ሜጋባይት ሲሆን፣ የቅንብሩ ፋይል ብዙ መቶ ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ከጊጋባይት በላይ ከሆነ ምንጮቹ ውስጡ አሉ። በደብዳቤው ውስጥ «የቅንብሩ ፋይል» የሚሉት ሁለት ቃላት ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው።

ማጥፋት ራሱም ደረጃ አለው። ከኮምፒዩተሩ የተሰረዘ ፋይል Recycle Bin ውስጥ ይቆያል። ከሜሞሪ ካርድ የተሰረዘው ደግሞ ሌላ ፎቶ እስኪጻፍበት ድረስ በፋይል ማስመለሻ ፕሮግራም ሊገኝ ይችላል፤ ፈጣን ፎርማትም ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ አሮጌ ካርድ ወይም ሃርድ ዲስክ መሸጥ ለፎቶ ቤት አደገኛ ንግድ ነው። ከመሸጡ በፊት ሙሉ በሙሉ በሌላ ፋይል መሞላት አለበት፤ የተበላሸ ከሆነ ደግሞ መሰበሩ ይሻላል።

ደብዳቤው ቃል ሊገባ የማይችለውም ነገር አለ። አንዲት ተመራቂ ከሕትመት በፊት «አውጡኝ» ብትል ላየሯ ይነሣል፤ ተራው እንደገና ይስተካከላል። ገበታው ታትሞ 40 ቤት ከገባ በኋላ ግን ማንም አይሰበስበውም፤ የሚቻለው ዳግም ሲታተም እርሷን ማስቀረት ነው። ማተሚያ ቤቱ ዘንድ የቀረውንም ቅጂ ባለቤቱ ራሱ ጠይቆ ካላስጠፋ «አጥፍተናል» ማለቱ ግማሽ እውነት ነው።

የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና ለሽያጭ ማቅረብ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የተከለከለ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የግል መረጃ አያያዝን በጠቅላላ በሕግ ሥር አድርጎታል። የደንበኛን ምስል ናሙና አድርጎ መስታወት ላይ መለጠፍ የተለመደ ቢሆንም ልማዱ ፈቃድ አይሆንም።

ታዲያ ለምን በማግስቱ አይጠፋም? ምክንያቱ ገበያ ነው። ተመራቂው ገበታውን ሲያሳይ አክስትም አጎትም «ለእኔም አሳትምልኝ» ይላሉ፤ ሁለተኛው ሕትመት ያለ አዲስ ድካም የሚመጣ ገቢ ነው። ይህ ጥያቄ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ 6 ወሩ ለባለቤቱም ለደንበኛውም ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ደንበኛ የታተመውን ገበታ ይዞ መጥቶ ከላዩ ላይ ከማስነሳት ሌላ አማራጭ የለውም፤ ጥራቱም ይወርዳል። ባለቤቱ ለዚህ ሲል በደብዳቤው ግርጌ አንድ መስመር ጨምሯል፦ ፋይሉን ለራሱ ማስቀረት የሚፈልግ ደንበኛ ሥራውን በሚረከብበት ቀን ፍላሽ ይዞ ይምጣ።