ከዕርቅ በፊት ደኅንነት፦ ተጠቅታ ከትምህርት ቤት የቀረችን ልጅ መመለስ

ጉዳዩን በአንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪ በኩል እንመልከተው። ታሪኳን ለማስተማሪያ እንዲሆን ከተለያዩ ገጠመኞች ያቀናበርሁት እኔ ነኝ።

ልጅቱን በየማለዳው ሆዷን ያማታል። 4 ሰዓት ገደማ ሕመሙ ይለቃታል፤ ቅዳሜና እሑድ ፈጽሞ አይሰማትም። ሐኪም መርምሮ ሌላ ምክንያት ካላገኘ፣ ይህ አመጣጥ ፍርሃትን ይጠቁማል። ማስመሰል ግን አይደለም፤ ፍርሃት በእርግጥ ሆድ ያማል። ቤት በቀረች ቁጥር ወዲያው እፎይ ትላለች፤ አእምሮዋም «የዳንሁት ስለቀረሁ ነው» ብሎ ስለሚማር፣ የነገው መንገድ ከዛሬው ይከብዳታል። ስለዚህ ቶሎ መመለስ አለባት የሚሉ ወላጆች አልተሳሳቱም። ሆኖም የምትፈራው አደጋ እውነተኛ ነው። ጥቃቱ ሳይቆም ማስገደድ ፍርሃቷን ማጽናት ይሆናል።

በትምህርት ቤቶቻችን የተለመደው መፍትሔ ልጆቹን ፊት ለፊት አቁሞ «ይቅር ተባባሉ» ማለት ነው። ለእኩዮች ጠብ መልካም ነው። ነገር ግን በኖርዌይ ዘርፉን ያቀናው ዳን ኦልቬውስ እንዳስረዳው፣ የዚህ ጥቃት መለያው መደጋገሙና የኃይል አለመመጣጠኑ ነው። ደካማዋ ልጅ በአጥቂዎቿ ፊት የምትናገረው እውነቱን ሳይሆን የሚያድናትን ነው፤ ከቢሮ ሲወጡም «አሳባቂ» የሚል ስም ይጨመርባታል። እኔ በበኩሌ ይህን ዕርቅ አልለውም።

እናቷ ያደረገችው የተሻለ ነበር። የግቢውን ካርታ እንድትሥልና የምትፈራበትን ቦታ በቀይ እንድታቀልም ጠየቀቻት። የቀላው የመማሪያ ክፍሉ ሳይሆን የመጸዳጃ ቤቱ መግቢያ ሆነ፤ በዕረፍት ሰዓት ሦስት የ6ኛ ክፍል ልጆች እዚያ ጠብቀው ምሳ ዕቃዋን ይቀሟታል፣ ይገፈትሯታል። እናቲቱ ቀኑን፣ ቦታውንና የተደረገውን ጽፋ ለርእሰ መምህሩ ስትሰጥ፣ የጠየቀችው «ልጄን ተከታተሉልኝ» ብላ አልነበረም፤ «ከሰኞ ጀምሮ በዕረፍት ሰዓት እዚያ የሚቆመው መምህር ማን ነው?» ብላ ነው። አጥቂዎቹ ለየብቻቸው ተጠሩ፤ ወላጆቻቸውም እንዲሁ። ለልጅቱ ደግሞ ስትፈራ ምክንያት ሳትጠየቅ የምትሄድባት አንዲት መምህርት ተመደበችላት።

ከዚያ በኋላ መመለሱ በደረጃ ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሁለት ክፍለ ጊዜ ተምራ ከዕረፍት በፊት ወጣች፤ በሦስተኛው ቀን መምህርቷ እያየቻት ዕረፍቱን አሳለፈች፤ በሁለተኛው ሳምንት ሙሉ ቀን ዋለች። የምትወጣበት ሰዓት አስቀድሞ የተወሰነ ነበር፤ በለቅሶ አያጥርም፣ በደኅና መዋሏም አይረዝምም። (እንቅልፍ ያጣ ወይም መሞትን የሚያነሣ ልጅ ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ወደ ባለሙያ መወሰድ አለበት።)

ጥቃቱ እንዳልቆመ የሚያሳዩ ምልክቶች ጥቃቅን ናቸው። ሕመሙ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቢመለስ፣ የዚያን ቀን የትምህርት ፕሮግራምና ተረኛ መምህር መመልከት ነው። ልጅቱም ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ መጸዳጃ ቤት የምትሮጥ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ሽንቷን ይዛ ውላለች ማለት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ልጅቱ ሳትሆን በዚያ መግቢያ ላይ ሊቆም ቃል የገባው ሰው ነው።