ተጨማሪ መረጃ፦ በደረሰኙና በክፍያው መካከል ምንዛሪው ሲለወጥ

አዲስ አበባ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ውጭ አገር ላለ ደንበኛው የወር አገልግሎት ሰጥቶ የ200 ዶላር ሂሳብ ላከ እንበል። የዕለቱ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋጋ 57.48 ብር ስለነበር፣ በመዝገቡ ላይ 11,496 ብር ገቢና ተሰብሳቢ ሂሳብ ሆኖ ተጻፈ። ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ባንኩም ዋጋውን 74.73 ብር አደረሰው። ክፍያው የገባው በዚያው ዕለት ከሆነ፣ ድርጅቱ የሚያገኘው 14,946 ብር ነው።

ትርፍ የሆነው 3,450 ብር የት ይመዝገብ? ብዙ ጀማሪዎች የሽያጩን ገቢ ከፍ ያደርጋሉ። ይህ ስህተት ነው፤ ደንበኛው የገዛው አገልግሎት አልጨመረምና። ትክክለኛው አመዘጋገብ የሚከተለው ነው፦

• ዴቢት፦ ባንክ 14,946
• ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 11,496
• ክሬዲት፦ ከምንዛሪ ልዩነት የተገኘ ትርፍ 3,450

ደንበኛው የዓመቱን ክፍያ አስቀድሞ ከከፈለ ግን ነገሩ ይለያል። ድርጅቱ ያለበት ዕዳ አገልግሎት እንጂ ዶላር ስላልሆነ፣ የየወሩ ገቢ የሚሰላው ገንዘቡ በገባበት ዕለት ምንዛሪ ነው፤ በኋላ ዋጋው ቢለወጥም አይከለስም።

ልዩነቱ ሳይመዘገብ ቀርቶ እንደሆነ ለማወቅ ተሰብሳቢ ሂሳቡን ተመልከቱ፦ ደንበኛው በዶላር ከፍሎ ጨርሶ ሳለ በብር ቀሪ ከታየ፣ የምንዛሪ ልዩነቱ በትክክል አልተመዘገበም።